የተንዛዛ የዜና መግቢያን ወደ ቀጥተኛ ሊድ መቁረጥ፦ ከ50 ቃል ወደ 19

ይህን መግቢያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

«የከተማዋን ነዋሪዎች የንጹህ መጠጥ ውሃ ፍላጎት በዘላቂነት ለማሟላት ከመቼውም ጊዜ በላይ በከፍተኛ ትኩረት እየሰራ የሚገኘው የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ ያረጁ የውሃ መስመሮችን በዘመናዊ መስመሮች ለመተካት እያከናወነ ባለው ዘርፈ ብዙ ሥራ ምክንያት በአንዳንድ አካባቢዎች በውሃ ስርጭት ላይ ጊዜያዊ መስተጓጎል ሊያጋጥም እንደሚችል በመግለጽ፣ ህብረተሰቡ ይህንኑ ተገንዝቦ በትዕግስት እንዲጠባበቅ ጥሪውን አቀረበ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስትቆጥሩት 50 ቃል ይወጣዋል። በአንድ ትንፋሽ አይነበብም። ጨርሳችሁትም «እሺ፣ ውሃ የሚጠፋው የት ነው? መቼ ነው?» እያላችሁ ትቀራላችሁ።

ዜናውን ለልምምድ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ ከተማዋም ስም የላትም። አጻጻፉ ግን ኤዲተር ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዚህ በታች ይህችኑ አንዲት ዜና ይዘን፣ ቀጥተኛ ሊድ (መሪ አንቀጽ) እስኪወጣት ድረስ ደረጃ በደረጃ እንሥራታለን። ስንቆርጥ ወደ ማንም ወገን እንዳናጋድልም እያየን እንሄዳለን። መቁረጡ ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ሳያጋድሉ መቁረጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የቀረው ዜና እንዲህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንቀጽ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ትናንት መግለጫ መስጠታቸውንና ሥራው ለከተማዋ ዕድገት ያለውን ፋይዳ ያወራሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ነው በቀበሌ 03፣ 05 እና 07 ከማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ለአራት ቀናት ውሃ እንደሚቋረጥ የምናገኘው። አምስተኛው የሚቀየረው መስመር 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመት እንዳለው ይናገራል። ስድስተኛው በአራት ቦታዎች ውሃ በቦቴ እንደሚታደል ይገልጻል። በመጨረሻው አንቀጽ ሪፖርተሩ ያነጋገራቸው ሦስት የቀበሌ 05 ነዋሪዎች ውሃ ካዩ ሁለት ሳምንት እንዳለፋቸው ይናገራሉ። ኃላፊው ደግሞ የዚያ ምክንያት የፓምፕ ብልሽት ነው፣ ጥገናው ተጀምሯል ይላሉ።

መግቢያው ለምን ይንዛዛል?

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ጽሑፉ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል የመጣ መግለጫ ሲሆን፣ መግለጫው የሚጀምረው ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ለእነሱ ዋናው ነገር የእነሱ ጥረት ነው። ሪፖርተሩ ሰዓት ሲያጥረው አናቱን እንዳለ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋችን ውስጥ ነው ያለው። በአማርኛ ማሰሪያ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስምን የሚገልጸው ሐረግ ደግሞ ከስሙ በፊት ይሰለፋል። «እየሰራ የሚገኘው»፣ «እያከናወነ ባለው» እያልን ማለቂያ የሌለው ሰልፍ መሥራት እንችላለን፤ ሰዋስዉ አይከለክለንም። አንባቢው ግን ግሱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ግሱ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ስለዚህ የሌላ ቋንቋ የዜና መጽሐፍ «ዋናውን ነገር አስቀድም» ሲለን፣ ለእኛ ሥራው ትንሽ ይለያል። ግሱን ወደፊት ማምጣት አንችልም። የምንችለው ከግሱ በፊት ያለውን መንገድ ማሳጠር ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለን ያደግን ሰዎች መሆናችንም አለበት። ለሽምግልና ይህ ትክክል ነው። ሽማግሌ ፊት የሚቆም ሰው ነገሩን ከመነሻው ካልተረከ አይደመጥም። ዜና ግን ከፍሬው ይጀምራል። ሥሩ ሁለተኛና ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ይመጣል።

አንደኛ፦ ከታች ወደ ላይ አንብቡ

መግቢያውን ለመቁረጥ መግቢያው ላይ አትቀመጡ። ዜናውን ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት። ከላይ ስታነቡ የመግለጫው ሙዚቃ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ከታች ስትጀምሩ ግን እውነታዎቹን አንድ በአንድ ነው የምታገኟቸው። የእኛ ዜና ጭብጥ ያለው ነገር አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው የሚጀምረው። ይህ ብርቅ አይደለም። ቁጥር፣ የቦታ ስምና ቀን አብረው የሚገኙበትን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ዜናው እዚያ ተቀብሯል።

ስታነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ወይም ነገ ግን የሚሆን ምን አለ? ጽሕፈት ቤቱ «በትኩረት እየሰራ» መሆኑ ትናንትም ነበር ተብሏል፤ ነገም ይባላል። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ አለመኖሩ ግን አዲስ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ሦስት ምልክት አድርጉ

እስክሪብቶ አንሡና በመግቢያው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሐረግ ከሦስቱ በአንዱ መድቡት። «የሆነ ወይም የሚሆን ነገር»፣ «አንድ ወገን ያለው ነገር»፣ «ጌጥ»።

በእኛ 50 ቃላት ላይ ስንሞክረው ጌጡ ይበዛል። «በዘላቂነት»፣ «ከመቼውም ጊዜ በላይ»፣ «በከፍተኛ ትኩረት»፣ «ዘርፈ ብዙ»። እነዚህ ቢወጡ የሚጎድል መረጃ የለም። የሚሆን ነገር ተብሎ የሚያዘው ሁለት ነው፦ መስመር መቀየሩና የውሃ መስተጓጎሉ። ሁለቱም ደግሞ ደብዝዘው ነው የቀረቡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ሳይታይ የሚያልፈው ስህተት ይህ ነው። «ከመቼውም ጊዜ በላይ በከፍተኛ ትኩረት እየሰራ የሚገኘው ጽሕፈት ቤት» የሚለውን ሐረግ የተናገረው ማነው? ጽሕፈት ቤቱ ነው እንዳንል፣ ሐረጉ «በመግለጽ» ከሚለው ቃል ሥር አይገባም። ስሙን የሚገልጽ ቅጥያ ነው። ስለዚህ የሚናገረው ጋዜጠኛው ነው። እኛ ራሳችን፣ በራሳችን ድምፅ፣ መሥሪያ ቤቱ ከድሮው ሁሉ የበለጠ እየሠራ ነው ብለን መስክረናል። ለክተን አይደለም፤ አይተንም አይደለም። ሐረጉ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ከማጠሩም በላይ ያልመሰከርነው ምስክርነት ይቀርልናል። «...የሚገኘው»፣ «...የታወቀው»፣ «...ግንባር ቀደም የሆነው» የሚሉ ቅጥያዎች ከመሥሪያ ቤት ወይም ከሰው ስም በፊት ስታዩ ሁሌም ቁሙ።

ሌላም አለ። «መስተጓጎል ሊያጋጥም እንደሚችል» ይላል መግቢያው። አራተኛው አንቀጽ ግን ይቋረጣል ነው የሚለው። «ሊያጋጥም ይችላል» ትህትና ይመስላል፤ እዚህ ግን ስህተት ነው። «በአንዳንድ አካባቢዎች»ም እንዲሁ። ሦስቱ ቀበሌዎች ተለይተው እየታወቁ «አንዳንድ» ማለት አንባቢውን ማንከራተት ነው። የተንዛዛ መግቢያ ብዙ ጊዜ ከእውነታውም ይርቃል።

ሦስተኛ፦ ለእናታችሁ በስልክ ንገሯት

ወረቀቱን ገልብጡትና እናታችሁ ቀበሌ 05 ነው የምትኖረው እንበል። ደውላችሁ ምን ትሏታላችሁ?

«እማዬ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እናንተ ሰፈር አራት ቀን ውሃ የለም፤ ጀሪካኑን ሁሉ ሙዪ።»

ይኸው ሊዱ ተገኘ። «የንጹህ መጠጥ ውሃ ፍላጎትሽን በዘላቂነት ለማሟላት» ብሎ የሚጀምር ልጅ የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉት። ከዚያ የዜና ልብስ አልብሱት፦ «እናንተ ሰፈር» የቀበሌዎቹ ስም ይሁን፤ «ጀሪካኑን ሙዪ» የሚለው ምክር ስለሆነ ይውጣ፤ ማን እንዳለው ይግባ።

አራተኛ፦ ማሰሪያ ግሱን መጀመሪያ ምረጡ

ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ መጨረሻ ላይ የምናስበው ይመስለናል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሌላውን ከመጻፋችሁ በፊት ግሱን ምረጡ።

የእኛ መግቢያ ማሰሪያ ግስ ምንድን ነው? «ጥሪውን አቀረበ»። ስለዚህ በሰዋስው ሚዛን ዜናው «ጽሕፈት ቤቱ ጥሪ አቀረበ» ነው። ውሃ መቋረጡ መንገድ ላይ የተጠቀሰ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ይህን ፍተሻ በማንኛውም ዜና ላይ ሞክሩት። የመጀመሪያውን ባለቤትና የመጨረሻውን ግስ ብቻ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አድርጉ። «ሚኒስቴሩ አስገነዘበ»፣ «ቢሮው ጥሪ አቀረበ»፣ «መድረኩ ተካሄደ» ከሆነ የወጣው፣ ዜናው ገና አልተነካም። የእኛ መሆን ያለበት «ውሃ ይቋረጣል» ነው።

ግስ ስትመርጡ በስም ተጠቅልሎ የተደበቀውንም ፍቱት። «ጉብኝት አደረጉ» ጎበኙ ነው። «ውይይት አካሄዱ» ተወያዩ ነው። «የማስፋፊያ ሥራ እያከናወነ ይገኛል» እያስፋፋ ነው ይባላል። «በውሃ ስርጭት ላይ መስተጓጎል ያጋጥማል» የሚለው አምስት ቃል «ውሃ ይቋረጣል» ሲባል ሁለት ቃል ነው። ትርጉሙም ጠራ።

አምስተኛ፦ ምንጩን የት እናስቀምጠው?

ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ምንጩን አስቀድሞ ግሱን መጨረሻ ማድረግ ነው፦ «ጽሕፈት ቤቱ በሦስት ቀበሌዎች ውሃ እንደሚቋረጥ አስታወቀ።» ሁለተኛው ነገሩን አስቀድሞ ምንጩን ወደ መጨረሻ ማምጣት ነው፦ «በሦስት ቀበሌዎች ውሃ እንደሚቋረጥ ጽሕፈት ቤቱ አስታወቀ።» ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ሚዛኑ ግን የተለያየ ነው። በአንደኛው ባለቤቱና ግሱ በሁለት ጫፍ ቆመው ዜናውን መሀል ያስገቡታል። ዜናው በረዘመ ቁጥር ባለቤቱ ከግሱ ይርቃል። በሁለተኛው ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንባቢውም ከቀበሌው ይጀምራል። ለቀጥተኛ ሊድ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። አንደኛውን የምጠቀምበት ዋናው ዜና «ማን አለው» የሚለው ሲሆን ነው። ለምሳሌ ፍርድ ቤት ሲወስን።

ምንጩን ጨርሶ ማውጣት ይቻላል? ራሳችን ያየነውና ማንም የማይከራከርበት ነገር ከሆነ ይቻላል። ገና ያልሆነ፣ በአንድ ወገን ቃል ላይ የቆመ ነገር ከሆነ ግን ምንጩ ሊዱ ውስጥ ይግባ። ማክሰኞ ገና ናት። ስለዚህ «አስታወቀ» ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ግሱ ምርጫ እንምጣ። ብዙዎቻችን «ገለጸ፣ አስታወቀ፣ ተናገረ፣ አረጋገጠ፣ አስገነዘበ»ን እንደ ሸሚዝ እየቀያየርን ነው የምንለብሳቸው። አንዱን ደግመን ላለመጻፍ ብለን ነው። ግን አንድ አይደሉም።

«አስታወቀ» ተቋም ያላወቅነውን ነገር ሲነግረን ነው። ለማስታወቂያ ዜና ይሆናል። «ተናገረ» እና «አለ» ከሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ የሰውዬውን ቃል ከማቅረብ አያልፉም። «ገለጸ»ም ቀላል ነው፣ ግን የተባለው ነገር እውነት ነው የሚል ትንሽ ቅላጼ አለው። «አረጋገጠ» ካልን እኛም አምነናል ማለት ነው። «አስገነዘበ» እና «አሳሰበ» ተናጋሪውን አስተማሪ፣ ሰሚውን ያልገባው ተማሪ ያደርጉታል። «አመነ» ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን ያጋድላል። «ውሃ ለሁለት ሳምንት እንዳልነበረ ጽሕፈት ቤቱ አመነ» ስንል ጥፋተኛ ተይዞ እንደተናዘዘ ይሰማል። ኃላፊው ግን ተጠይቀው መልስ ነው የሰጡት። ጥርጣሬ ሲይዛችሁ «ተናገረ» ይበቃል። አንድ ግስ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ቢደገም አንባቢ አይታመምም።

«ተገለጸ» እና «ተባለ»ን ሊድ ላይ አትጠቀሙ። «ውሃ እንደሚቋረጥ ተገለጸ» ሲባል ማን ገለጸው? ዓረፍተ ነገሩ ያጠረው ምንጩን በመደበቅ ነው። እንዲህ ያለውን ማጠር አንፈልገውም።

ስድስተኛ፦ መቆረጥ የሌለባቸው ትንንሽ ቃላት

መቀሱ ሲሞቅ እጅ አይቆምም። ከጌጡ ጋር አብረው የሚወድቁ፣ ግን ዜናውን የሚሸከሙ ቃላት አሉ።

«ጠዋት» አንዷ ናት። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት በቀን ሁለቴ ይመጣል። «ከማክሰኞ 2 ሰዓት ጀምሮ» ብንል አንባቢው ማታ ይሆን ጠዋት አያውቅም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ የቤተሰቡን ሰፈር ዜና የሚያነብ ሰው ደግሞ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነም ያመነታል። «ጠዋት» ስትገባ ይረዳዋል። ለድረ ገጽ ከሆነ «ማክሰኞ» ከሚለው ቀጥሎ ቀኑን ጨምሩ። ገጹ ከሳምንት በኋላም ይነበባልና። ሁለት ቃል ይጨምራል፤ ይጨምር።

«በከፊል»፣ «እስከ»፣ «ቢያንስ»፣ «ወደ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንድ ዜና ላይ «በከፊል» የምትለውን ቃል ቆርጬ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ ብዬ አሳልፌያለሁ። ዓረፍተ ነገሩ በጣም አምሮ ነበር። በነጋታው ሰዎች በሌላ መንገድ ሲዞሩ እንደዋሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ጌጥ የሚመስለኝን ቃል ከማውጣቴ በፊት «ይህ ሲወጣ አንድ ሰው የተለየ ነገር ያደርጋል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «በከፍተኛ ትኩረት» ሲወጣ ማንም ሰው ምንም የተለየ ነገር አያደርግም። «በከፊል» ስትወጣ ያደርጋል።

በወንጀል ዜና ላይ ደግሞ «የተጠረጠረ» በምንም ምክንያት አይወጣም። «በዝርፊያ የተጠረጠረ የ24 ዓመት ወጣት ተያዘ» የሚለውን «ዘራፊው ተያዘ» ብላችሁ ብታሳጥሩት አራት ቃል ታተርፉና ፍርድ ቤቱን ትቀድማላችሁ።

ቀጥተኛ መሆን ማለት እርግጠኛ መምሰል አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ማታ፣ የአሶሼትድ ፕሬስ የዋሽንግተን ዘጋቢ ሎውረንስ ጎብራይት ስለ አብርሃም ሊንከን የላከው መልእክት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዛሬ ማታ ቴአትር ቤት ውስጥ በጥይት ተመተዋል፣ ምናልባትም ቁስሉ የሚገድል ነው የሚል። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ሊንከን የሞቱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ጎብራይት መልእክቱን ሲልክ ገና በሕይወት ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ቃሏን አላወጣትም። ዓረፍተ ነገሩ ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ከሚያውቀውም አላለፈም።

ሰባተኛ፦ ወደ ሌላኛው ጎን አለመውደቅ

የመሥሪያ ቤቱን ጌጥ ያወጣ ጀማሪ ኤዲተር ብዙ ጊዜ በሌላ ጌጥ ይተካዋል። «14 ሰፈር በውሃ ጥም ሊሰቃይ ነው»፣ «ነዋሪዎች ለአራት ቀናት ውሃ ተከለከሉ» ይላል። «ተከለከሉ» ከተባለ ሆን ብሎ የከለከለ አለ ማለት ነው። «ሊሰቃይ» ትንቢት ነው። «14» ደግሞ ከየት መጣ? ዜናው ሦስት ቀበሌ ነው ያለው። ቁጥርን ከማስታወሻው ሳያዩ መጻፍ በጥድፊያ ጊዜ የሚመጣ ሌላ ጣጣ ነው። «ይቋረጣል» ግን የሚሆነውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቀላል ፍተሻ አለ። ሊዱን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና የቀበሌ 05 አንዲት እናት ጎን ለጎን ቆመው ሲያነቡት አስቡ። አንዳቸው «ይሄማ የእነሱ ነው» ካሉ፣ የትኛው ቃል ላይ እንዳሉት ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግስ ወይም አንድ ቅጽል ነው።

በአማርኛ የሚገጥመን አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንቱታ። ኃላፊው «ተናግረዋል»፣ ጉሊት የምትሸጠው ሴት «ተናግራለች» ስንል፣ ምንም ቅጽል ሳንጠቀም የማን ቃል ክብር እንዳለው ነግረናል። ስፖርትና ኪነ ጥበብ ላይ «አሸነፈ»፣ «ዘፈነች» ማለት የተለመደ ስለሆነ ማንም አይከፋበትም። በአንድ ዜና ውስጥ ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸውን ሁለት አዋቂዎች አንዱን በአንቱ፣ ሌላውን በአንተ ማቅረብ ግን ማዳላት ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት አድርጉ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ነዋሪዎቹ ሁለት ሳምንት ውሃ አላየንም ካሉ፣ ዋናው ዜና እሱ አይደለም ወይ? ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የሚወሰነው በእጃችን ባለው ማስረጃ ነው። አሁን ያለን የሦስት ሰዎች ቃል ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ቀበሌ ናቸው። ኃላፊው ግን ብልሽት እንዳለ ተናግረዋል፤ አልካዱም። ይህ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ የሚያወጣው ነው፤ እንደ ቀድሞው መጨረሻ ላይ የሚጣል አይደለም። ሪፖርተሩ ወደ ሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች ሄዶ ቧንቧ ከፍቶ ካየ፣ ሌሎች ሰዎችንም ካነጋገረ፣ ያኔ ሊዱ ይለወጣል፦ «ሁለት ሳምንት ውሃ ባላገኙ ሦስት ቀበሌዎች ከማክሰኞ ጀምሮ ለተጨማሪ አራት ቀናት ውሃ እንደሚቋረጥ ጽሕፈት ቤቱ አስታወቀ።» ይህ በጣም ጠንካራ ሊድ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ግን ሳይጣራ አይጻፍም።

ስምንተኛ፦ መልሰህ መግጠም

የተቆረጠው ሁሉ አይጣልም። ምክንያቱ (የመስመር ቅያሬው) ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። እሱን ጨርሶ ማውጣት መሥሪያ ቤቱን መበደል ነው፤ ያለ ምክንያት ውሃ የሚዘጋ ያስመስለዋል። «በትዕግስት ጠብቁ» የሚለው ጥሪ ይወጣል። «ለከተማዋ ዕድገት» የሚለውም ይወጣል። የምረቃ ወይም የስብሰባ ዜና ቢሆን ኖሮ «ከፍተኛ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች በተገኙበት» የሚለው ወደ መጨረሻ ይወርድ ነበር።

የወጣው ይኸው፦

«በቀበሌ 03፣ 05 እና 07 ከማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ለአራት ቀናት ውሃ እንደሚቋረጥ የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አስታወቀ።

ውሃው የሚቋረጠው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ያረጀ መስመር ስለሚቀየር ነው ሲል ጽሕፈት ቤቱ ገልጿል። በእነዚህ ቀናት በአራት ቦታዎች ውሃ በቦቴ እንደሚታደልም ተናግሯል።

ያነጋገርናቸው ሦስት የቀበሌ 05 ነዋሪዎች ውሃ ካገኙ ሁለት ሳምንት እንዳለፋቸው ተናግረዋል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስለዚህ ተጠይቀው፣ ምክንያቱ የፓምፕ ብልሽት እንደሆነና ጥገናው እንደተጀመረ ተናግረዋል።»

ሊዱ ቁጥሮቹን ጨምሮ 19 ቃል ነው። እኔ ለአማርኛ ሊድ ከ25 ቃል በላይ ሲሆን መጠራጠር እጀምራለሁ። አንዱ ቃላችን በሌላ ቋንቋ ሦስትና አራት ቃል የሚሆነውን ነገር ይሸከማልና፣ የሌሎችን የቃል ቁጥር ገደብ እንዳለ መውሰድ አያዋጣም። ከቁጥሩ ይልቅ ትንፋሽ ይሻላል። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ግሱ ጋ ሳትደርሱ ከተነፈሳችሁ ለሁለት ክፈሉት። ለሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ሦስቱን የቀበሌ ቁጥሮች «በሦስት ቀበሌዎች» ብላችሁ ዝርዝሩን ለቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ተዉት። አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም።

በመጨረሻ አዲሱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። እያንዳንዱ ቁጥር፣ ቀንና ስም አንድ መሆኑን በጣታችሁ እየነካችሁ ተመልከቱ። እዚህ ስትደርሱ አንድ ቀዳዳ ይታያል። «በአራት ቦታዎች» የት የት ነው? የመጀመሪያው ጽሑፍ ሰባት አንቀጽ ጽፎ ቦታዎቹን አልነገረንም። በ50 ቃሉ ጫጫታ ውስጥ ማንም አላስተዋለውም ነበር። ስለዚህ ዜናውን ከማውጣታችሁ በፊት ለሪፖርተሩ ደውሉ። እሱም ለጽሕፈት ቤቱ ይደውል። አራቱን ስሞች ተቀብላችሁ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «በአራት ቦታዎች» ከሚለው ቀጥሎ አስገቧቸው።